ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጫጩቶች

ማህደር ባሏ የሞተ ጊዜ አብዳ ነበር ይላሉ። ጅጅጋ ውስጥ ጨውና በርበሬ ስቸረችር ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ስንት ወሬ በሱቄ በር ሲያልፍ ዝም ብያለሁ። ይህን ግን ዝም አልልም። አላበደችም። ካበድንስ ያበድነው ለቀስተኞቹ ነን።

ባሏ ወልደሥላሴ አስተማሪ ነበር። ከሰሜን ሸዋ ተመድቦ መጣና እዚሁ ቀረ፤ ማህደርንም አገሩ ሄዶ አግብቶ አመጣት። ልጅ አልሰጣቸውም። ሰውየው ዝምተኛ ነው፣ እሷም ዝምተኛ ናት፤ እኔ ጎረቤታቸው ባልሆን ግቢው ሰው ያለበት አይመስልም ነበር። በኋላ ወልደሥላሴ የዶሮ ነገር ያዘው። የራሷ ሥራ ይኑራት አለ፣ የሰው እጅ እንዳታይ። በሞተበት ዓመት ጥቅምት ሲያልቅ ከደብረ ዘይት የአንድ ቀን ጫጩቶች በቀዳዳ ካርቶን ተጭነው በሐረር በኩል በአውቶቡስ መጡለት። እኔ ሳቅሁበት። በዚህ ብርድና በዚህ ነፋስ፣ መብራቱ እንደ ዘመድ ሲያሻው ብቅ ሲያሻው ጥፍት በሚልበት ከተማ፣ እናት የሌለው ጫጩት ማን ያሞቅልሃል? አልኩት። ‘እኛ ነና፣ እትዬ ብርቄ’ አለኝ።

ከመኝታቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል አጽድቶ ሰጋቱራ አለበሳት። ካርቶን ቀዶ ዙሪያውን ክብ አጠረ፤ ጥግ ካለ ጫጩት እዚያ ተደራርቦ ይታፈናል አለ። መሐል ላይ ፋኖሶች አንጠለጠለ፣ ሙቀቱ እንዳይሸሽ ከላያቸው የበርሜል ክዳን ሰቀለ። ብርዱ ሲጠና ደግሞ የከሰል ማንደጃ ይጨመራል። ከሰሉ ግን ውጭ ነው የሚቀጣጠለው፤ ጭሱ አልቆ ፍም ሆኖ አመድ ሲለብስ ይገባል፣ ዙሪያው በወንፊት ሽቦ ይታጠራል። የመስኮቱ ላይኛው ክፍል ምንም ቢነፍስ አይዘጋም። የታፈነ ከሰል ሰውም ጫጩትም ሳያስነጥስ ይገድላል እያለ በር ላይ ቆሞ ያስጠነቅቀን ነበር።

ቴርሞሜትር የሚባል ነገር አልነበረውም። ‘እነሱው ይናገራሉ’ ይላል። ሲበርዳቸው ፋኖሱ ሥር ተጠጋግተው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ፣ ጆሮ የሚበጣ ጩኸት ይጮኻሉ። ሲሞቃቸው ከፋኖሱ ሸሽተው አጥሩን ተለጥፈው ክንፋቸውን ጥለው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ ያኔ ጩኸት የለም። ነፋስ ከገባባቸው በአንድ ወገን ብቻ ይከማቻሉ። ሲመቻቸው በክቡ ሁሉ ተበትነው ይለቅማሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይተኛሉ፤ ድምፃቸውም ለስለስ ያለ ማጉረምረም ነው። ይህን ያስተማረው ለማህደርና ለኩልሚዬ ነው። ኩልሚዬ የግቢው ባለቤት ልጅ ናት፣ ሶማሌ፤ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። እኔ አልማርም ብዬ ሳላስበው ተማርኩ።

ጫጩቶቹ ገና ላባ ሳያወጡ ወልደሥላሴ ታመመ። ወባ ነው ሲባል ሌላ ሆነ። አልጋ ላይ ዋለ፤ አልጋው ደግሞ ከጫጩቶቹ ጋር የሚያዋስነውን ስስ ግድግዳ ተጠግቷል። መነሳት ቢያቅተውም ጆሮው አልታመመም። ‘ማህደር፣ ጮኹ፤ ፋኖሱን ዝቅ አድርጊው’ ይላታል። ‘ማህደር፣ ዝም አሉ፤ በዛባቸው’ ይላታል። ‘መጣሁ’ ብላ ትሄዳለች። አስተካክላ ስትመለስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቃት። ‘ሞቋቸዋል?’ እሷም ‘ሞቋቸዋል’ ስትለው ዓይኑን ይከድናል። እኔ ሾርባ ይዤ ስገባ ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁ መሰላችሁ! ሞቱም እንደዚያው ነው። ‘ሞቋቸዋል’ አለችው፣ ዓይኑን ከደነ፣ ሳይገልጠው ቀረ።

ማህደር አላለቀሰችም። ቀብሩ ላይም፣ ከቀብር መልስም። ነጠላዋን አጥቁራ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀመጠች፤ ያም ፍራሽ አልጋው ከነበረበት ከዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ምግብ ሲሰጧት ትይዘዋለች እንጂ አትበላም። አንድ ቃል አልወጣትም። ታላቅ ወንድሟ ትግሉ ከደብረ ብርሃን ደረሰ። መልካም ሰው ነው፣ ችኩል ነው እንጂ። ከሣልስቱ በኋላ ይዣት እሄዳለሁ አለ፤ ምን ቀራት እዚህ፣ ልጅ የለ፣ ዘመድ የለ፣ መቃብር ታቅፋ አትኖር። ጫጩቶቹስ? አልኩት። ለሚፈልግ ስጡት አለኝ። እሷን ሲጠይቃት ግድግዳውን ታያለች። ዝምታዋን እሺ ብሎ ተረጎመውና ልብሷን በሻንጣ አሰናዳላት። ባሏ የሰው እጅ እንዳታይ ብሎ ያቆመላት ነገር ሊበተን ነው፣ እሷም የወንድሟ ቤት ጥግ ላይ ልትቀር ነው። ግን ለቅሶ ቤት ማን ይጣላል?

ጫጩቶቹን ያን ሰሞን የጠበቀችልን ኩልሚዬ ናት። የሣልስቱ ዕለት ጀንበር ስትጠልቅ ከሰሉ አመድ ሆኖባት ማንደጃውን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፣ መግሪብ ልትሰግድና አዲስ ፍም ልታቀጣጥል። ፋኖሶቹ በርተው ስለነበር አልሰጋችም።

መብራቱ በዚያች ሰዓት ጠፋ። ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛ ሞልቷል፣ ቄሱ ለጸሎት ይጠበቃሉ፣ ነፋሱ ሸራውን ይደበድበዋል። የእድራችን ዳኛ አቶ መርሻ መብራት ፈልጉ ብለው አዘዙ። በለቅሶ ቤት ደግሞ የቤቱ ዕቃ ሁሉ የለቅሶው ነው፤ ወንበሩም፣ ድስቱም፣ አልጋውም ይወጣል፣ የሚጠየቅ የለም። ከጓሮ ክፍል ብርሃን አዩ። ገቡ፣ ፋኖሶቹን ፈቱ፣ ይዘው ወጡ። ሰው በጨለማ ተቀምጦ ለጫጩት ፋኖስ ይበራል እንዴ ተባለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሟቹን ማክበራቸው ነው።

እኔ ቤት ውስጥ፣ ማህደርና ሴቶቹ ከተቀመጡበት ክፍል በር ጋ ሆኜ ውኃ አቀርባለሁ። ድንገት ማህደር ቀና አለች። ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘነበለች።

‘መጣሁ’ አለች።

ከቀብር ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ሴቱ ሁሉ ደነገጠ። ከሟቹ አልጋ ቦታ ዞራ መጣሁ ስትል ሌላ ምን ይባል? ባሏን ልከተል አለች ተባለ። ልትነሳ ስትል ያዟት። ስትታገል ባሰባቸው፤ አንዷ ወገቧን፣ አንዷ እጇን፣ ሌሎቹ ደረታቸውን እየደቁ ለቅሶውን አቀለጡት። እሷ ‘ልቀቁኝ፣ ጮኹ፣ ልቀቁኝ’ ትላለች፤ የማን ጩኸት? እኛው ነን የምንጮኸው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅ በኛ ዋይታ ተዋጠ። እሷ ስታለቅስ ያላየናት ሴቶች፣ አሁን አለቀሰች ብለን እፎይ ልንል ምንም አልቀረን።

ኩልሚዬ ፍሙን እንደያዘች በጓሮ በኩል ገባች። ‘ፋኖሶቹ የሉም! ወላሂ ተደራርበው እያለቁ ነው! ማህደር፣ አባዮ፣ እህቴ፣ ነይ!’

ያኔ ነው የገባኝ። ገብቼ ሴቶቹን እየገፋሁ አስለቀቅኳት። ሀዘንተኛ ከፍራሿ አትነሳም ሲሉ ሰማሁ፤ አትነሳምን ለኔ ተዉት አልኳቸው።

ክፍሉ ጨለማ ነው፣ በመስኮቱ ነፋስ ይገባል። ጫጩቶቹ ፋኖሱ በነበረበት መሐል ላይ አንድ ክምር ሆነው ይንጫጫሉ፤ ከላይ ያሉት እየረገጡ፣ ከሥር ያሉት ተጠፍጥፈው። ማህደር በጉልበቷ ወደቀችና ክምሩን በእጇ ከፋፈለችው። ከሥር ያሉትን አወጣች፤ ገሚሶቹ አንገታቸው ተዝለፍልፎ ነበር፣ ገሚሶቹ እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። በነጠላዋ እየጠቀለለች አቀፈቻቸው። ኩልሚዬ ፍሙን በሽቦው መሐል አስቀመጠች። አቶ መርሻ ነገሩ ሲነገራቸው ፋኖሶቹን ራሳቸው አስፈትተው በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት።

ትግሉ ደግሞ ከእድሩ ማጀት ሌላ ማንደጃ አመጣና አጥሩ ውስጥ አስገባ፣ መስኮቱንም ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ማህደር ቀና ሳትል ‘መስኮቱን ተወው፣ ወንድም ጋሼ፤ ከሰል አለ’ አለችው። ትንሽ እንደቆየን ጩኸቱ ጸጥ አለ። ትግሉ ፊቱ በራ፤ ዳኑ አለ። እሷ ግን ፋኖሱን አንስታ አየቻቸው። የቆሙት ጫጩቶች አጥሩን ተለጥፈው ክንፋቸውን ጥለዋል፣ አፋቸውን ከፍተዋል።

‘ይኼ የጤና ዝምታ አይደለም፤ በዛባቸው። አንዱን ማንደጃ አውጣልኝ።’

አወጣው። ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ኩልሚዬ ለብ ያለ የስኳር ውኃ አመጣች፤ የደከሙትን አንድ በአንድ የአፋቸውን ጫፍ ብቻ እየነከሩ መለሷቸው። የሞቱትን ኩልሚዬ ማንም ሳያያት በሰፌድ አወጣች፤ ጥቂት አልነበሩም። የቀሩት ከአጥሩ ለቀቁ። መጀመሪያ አንዱ ወደ ውኃው ሄደ፣ ከዚያ ሁለት ሦስቱ ለቀማ ያዙ፣ ከዚያ በክቡ ሁሉ ተበተኑ። ያ ለስለስ ያለ ማጉረምረም ተመለሰ። ቄሱ መጥተው በር ላይ ቆመዋል፣ ሴቱ ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ ከኋላቸው ቆሟል።

ማህደር እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

‘ሞቋቸዋል’ አለች።

እንደ ልማዷ ጠበቀች። ከግድግዳው ወዲያ ባዶ ፍራሽ ነው ያለው። ስትጠብቅ ስትጠብቅ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጫጩቶቹን ላለማስደንገጥ። እኔ እንዲያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ማንም ደረቱን አልመታም፤ ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ አብሯት አነባ።

ትግሉ ቆሞ አያት። ቆይቶ፣ እንሂድ የሚለውን ነገር እንደገና ሊያነሳ መሰለኝ፣ ‘እህቴ’ አለ። ዞር አለች። ፊቷ እንባ በእንባ ነው፣ ዓይኗ ግን ከጫጩቶቹ ላይ አይነሳም።

‘እሳቱን ለማን ጥዬ ልሂድ፣ ወንድም ጋሼ?’

ትግሉ ያወጣውን ማንደጃ አንስቶ ወደ ግቢው ወጣ፤ ነፋሱን በጀርባው ከልሎ ቁጭ አለና ከሰል ጨምሮ ጭሱ እስኪያልቅ ያራግብ ጀመር። ደብረ ብርሃን ሲመለስ ብቻውን ነበር፤ ሻንጣዋን ራሱ ፈትቶ ልብሷን ወደ ቦታው መልሶላት ሄደ።