ፍንጭ የሌለው ቃል

ሪማ በአረጋውያን ማረፊያው ገላቸውን የምታጥባቸው ወይዘሮ ሂንሪክስ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ጀርመንኛ ያስተማሯት ናቸው። ዛሬ ምሳ መብላታቸውን እንኳ ይረሳሉ። ግን ሪማ ድሮ እሳቸው ያደርጉት እንደነበረው የሌለ ስም ፈጥራ፣ ፆታውን ለማመልከት ከፊቱ ዴር፣ ዲ ወይስ ዳስ እንደሚባል ስትጠይቃቸው አይስቱም።

«ፍሎምፑንግ?»

«ዲ! መጨረሻው ኡንግ አይደል እንዴ? ስንቴ ልንገርሽ፣ አንቺ ድንጋይ ራስ!»

«ግሪፕሸን?»

«በሸን ያለቀ ሁሉ ዳስ።»

«ሾርፕሊንግ?»

«ሊንግ ካለ ዴር ነዋ!»

ከሙኒክ የመጣችው ልጃቸው ይህን ስትሰማ በደስታ የምትሆነውን አጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«እማዬ፣ ሃይድሩንስ?» አለች፤ የገዛ ስሟን።

አሮጊቷ አፍ አፏን እያዩ ስሙን ደገሙት።

«ይሄ አዲስ ቃል ነው። መጨረሻው ምንም አይነግረኝም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እንዲህ ያለውን በየቀኑ መደጋገም ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ነገም ጠይቂኝ።»

ሃይድሩን ሰዓቷን አየች። የምትመጣው በዓመት አንዴ ነው፤ ባቡሯ ሊነሳ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል።