ለክረምት የተጻፈው ቀልድ

አናጺው አልጋም፣ ወንበርም፣ የሬሳ ሣጥንም ይሠራል። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያውን የምትጽፍለት ግን ሴት ልጁ ናት፤ ለጨዋታ ማን ብሏት! ክረምት በገባ ዕለት አዲስ አልጋ ፎቶ አንስታ ከሥሩ፣ «ክረምት መጣ፣ እንቅልፍ አመጣ! የእኛ አልጋ ላይ የተኛ መቼም አይነሳም!» ብላ ለጠፈች። አባትየው መጋዙን አስቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሳቁ ሳያልቅለት አንዲት ሴት ከሥሩ ጻፈች፦ «ባለፈው ሳምንት የባለቤቴን ሣጥን የሠራችሁልኝ እናንተ ናችሁ። እግዜር ይስጥልኝ።» ሌላ ቃል አልጨመረችም። ብትሳደብ ይሻል ነበር።

ልጅቷ ክው አለች። ወዲያው ጽሑፉን አጠፋችው፤ ለሴትየዋም ደውላ ይቅርታ ጠየቀች።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ዋጋውን ብቻ ጻፊ» አላት አባቷ አንገቱን ደፍቶ።

«አልጽፍም! ሣጥን የሚሠራ ቤት በመተኛት አይቀልድም፤ ይኸው ገባኝ። በመቀመጥ ብቀልድ ግን ማን ይከለክለኛል?»

እልህ ይዟት የወንበር ፎቶ አነሳች። ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ሰረዘች፤ እያንዳንዱን በዚያች ሴት ዓይን እያነበበች። አራተኛውን ለጠፈችው፦ «ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ የተቀመጠ እንግዳ አልነሳ ቢላችሁ፣ ወንበራችን ይችለዋል። እናንተን እንጃ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። በመሀል ያችው ሴት ብቅ አለች።

«ሁለት ላኩልኝ» ብላ ጻፈች። «እኔ ቤት እንግዳ ቶሎ ባይነሳ ደስ ይለኛል።»