ዙሩ ያለችው መምህርት

ልጆቼ፣ አንዲት ወጣት መምህርት ተማሪዎቿ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲያወሩ ፈልጋ «ዙሩ!» አለቻቸው። ፊታችሁን ወደ ኋላ አዙሩ ማለቷ ነበር። እነዚያ ሰባ ሁለት ጉዶች ግን ብድግ ብለው ክፍሉን ይዞሩት ጀመር። አቧራው ጣራ ነካ። ርዕሰ መምህሩ በሩን በርግደው፣ «ነገ መጥቼ አያለሁ። እንዲህ ከተንጫጩ ጥንድ ሆኖ ማውራት የሚባል ነገር ይቀራል!» አሏት።

ቤት ገብታ ለእናቷ ብታጫውታቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ዙሩ አልሽ፣ ዞሩልሽ! ምን አጠፉ?»

እሷም ዕቅዷን አስተካከለች። ባንድ ዴስክ የሚቀመጡት ሦስት ሦስት ናቸው። ከየሁለቱ ዴስክ የፊተኞቹ ሳይነሡ ወደ ኋላ ቢዞሩ፣ ሦስቱ ከሦስቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። እጇን ስታነሣ ሁሉም ዝም ይላል።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ኋላ ዴስክ ላይ፣ ከትምህርት በቀረ ልጅ ቦታ ተቀመጡ።

«የፊተኞቹ፣ ፊታችሁን ወደ ኋላ መልሱ፤ ከመቀመጫው የሚነሣ እንዳላይ!» አለች መምህርቷ።

ክፍሉ በሹክሹክታ ሞላ። ከርዕሰ መምህሩ ፊት የነበረችው ቀበጥ ልጅ ጥንዷ ቀርቶባት ኖሮ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ የኔ ጥንድ እርስዎ ነዎት። ልጅ ሳሉ ምን ይፈሩ ነበር?» አለቻቸው።

«እኔ?» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

መምህርቷ እጇን አነሣች። ክፍሉ ጸጥ እረጭ ሲል የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ቀረ፦ «ያ አውራ ዶሮ ሲያባርረኝ አጥር ላይ ተሰቀልኩልሽ!»

ቀበጧ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «እሽሽ! ጋሼ፣ እጅ ተነሥቷል» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ግራ ቀኙን አዩና ፈገግ አሉ። «ጥንዱ ይቀጥል፤ እኔም እሷን ገና አልጠየቅኳትም።»