ያቺው ትእዛዝ

የመልስ ቁልፉ ስህተት ነበር። የጻፈችው ዘሙሩድ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ፈተና ታርሞበታል፤ ዘንድሮ ደግሞ አንድ ተማሪ ወድቆበታል።

ይህን ያወቀችው ሰኔ ሃያ አራት ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የውጤት ዝርዝሩ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሬጅስትራር መግባት ነበረበት፤ የተመራቂዎች ስም በማግስቱ ይለጠፋል። የቀረው የሁለት ሰው ፊርማ ብቻ ነው፤ የአራሚዋ የዘሙሩድ እና የኮርሱ ባለቤት የመምህር ገብረማርያም።

ኮሌጁ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ተንጠልጥሏል። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከባሕር ዛፉ መሀል እየወረደ መስኮቱን ስለሚደፍነው፣ አራተኛ ፎቅ ያለው የረዳት መምህራን ክፍል ቀኑን ሙሉ አምፖል ይበራበታል፤ መብራት ካልጠፋ። ያን ዕለት አልጠፋም ነበር።

ፈዬራ ሳያንኳኳ ገባ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዘሙሩድን በሦስት ዓመት ይበልጣታል። ጠዋትና ማታ የአጎቱን ሚኒባስ ከመገናኛ ኮተቤ እየነዳ ነው እዚህ የደረሰው። የተከፈተ ላፕቶፑን ወረቀቶቿ ላይ አስቀመጠና ከፊቷ ቆመ።

«ቲቸር፣ ቅሬታ አለኝ።»

«የቅሬታ ቀን ትናንት አለቀ።»

«ትናንት ፍሬን እምቢ ብሎኝ ጋራዥ ነበርኩ። እንደዚያው ይዤው እንድመጣ ፈልገሽ ነው? ተሳፋሪውን ይዤ በመስኮት እገባልሽ ነበር።»

«ስንት አገኘህ?»

«አርባ ሰባት። ማለፊያው ሃምሳ። ይቺን ኮርስ ስወስድ ሦስተኛዬ ነው፤ አሁን ከወደቅኩ ስንብት ነው። ጥያቄ አሥራ አንድን እይልኝ።»

ጥያቄ አሥራ አንድን ማየት አላስፈለጋትም። ረዳት ሆና በተቀጠረች በመጀመሪያው ወር ራሷ ያወጣችው ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ማስታወሻ አንድ አድራሻ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩ ቲኤልቢን ያያል፤ ቲኤልቢ ማለት በቅርብ ያገለገሉ አድራሻዎች ከነትክክለኛ ቦታቸው የሚቀመጡባት፣ ፕሮሰሰሩ ሆድ ውስጥ ያለች ትንሽ ፈጣን ሰንጠረዥ ናት። እዚያ የለም። ከዚያስ? ሰባት ዓረፍተ ነገሮች ተዘበራርቀው ተሰጥተዋል፤ ተማሪው ቅደም ተከተላቸውን ያስተካክልና በእያንዳንዱ አጠገብ ሥራው የሃርድዌር ይሁን የኦፕሬቲንግ ሲስተም ይጽፋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎች ግን ከራሱ ነው የሚያወጣው። እያንዳንዱ ገጽ የት እንዳለ የተመዘገበበትን የገጽ ሰንጠረዥ የሚያነበው ሃርድዌሩ ራሱ እንደሆነም ከጥያቄው ሥር ተጽፏል።

የፈዬራን ወረቀት ከክምሩ መዘዘችው። ሰባቱ ያለ እንከን ናቸው። ሃርድዌሩ ማስታወሻ ውስጥ ያለውን የገጽ ሰንጠረዥ ያነባል። ገጹ ማስታወሻ ውስጥ እንደሌለ ሲያይ አድራሻውን የጠየቀችው ትእዛዝ ያለችበትን ቦታ ያስቀምጥና ፔጅ ፎልት የሚባለውን የማቋረጫ ጥሪ ያነሳል፤ የሃርድዌሩ ድርሻ ለጊዜው እዚህ ያበቃል። ከዚያ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይረከባል፤ ፕሮግራሙ ለአድራሻው መብት እንዳለው ያጣራል፣ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ ከዲስክ ንባብ ያስጀምርና ፕሮግራሙን አስተኝቶ ፕሮሰሰሩን ለሌላ ይሰጣል። ዲስኩ ጨረስኩ ሲል ገጹ የገባበትን ቦታ ሰንጠረዡ ላይ ይመዘግባል፣ የተኛውንም ፕሮግራም ተራው ሲደርስ ይመልሰዋል።

ቀዩ መስመር ያለው ከዚህ በታች ነው። ፈዬራ እንዲህ ጽፏል፦ «ፕሮግራሙ ያቺኑ ትእዛዝ እንደገና ይሞክራል። ቲኤልቢ ውስጥ አሁንም የለም፤ ሃርድዌሩ ሰንጠረዡን ደግሞ ያነባል፣ አሁን ያገኛል፣ ቲኤልቢንም ይሞላል።» ከአራት ዜሮ። የእሷ ቁልፍ የሚለው ግን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ቲኤልቢን ይሞላል፣ ፕሮግራሙም ከሚቀጥለው ትእዛዝ ይነሳል ነው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከየትም አላመጣሁትም። ሞከርኩት።»

ወደ ላፕቶፑ ጠቆማት። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ወደ ላይ ይሮጣል፤ ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ቁጥር ነው።

«ሆን ብዬ የተከለከለ ገጽ ላይ ሰባት ቁጥርን እንዲጽፍ አዘዝኩት» አለ። «ፔጅ ፎልት ይነሳል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መብት እንደሌለው አይቶ ለእኔው ኮድ ይነግረዋል። የእኔ ኮድ ደግሞ የትእዛዙን አድራሻ ያትምና ምንም ሳያስተካክል ይመለሳል። እንዳንቺ ቁልፍ ከሆነ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ አልፎ አንድ መስመር ብቻ ባተመ ነበር። ይኸው፣ አርባ ሺህ አልፏል። ከዚያች ትእዛዝ አልወጣ አለ።»

«ገጹን ክፈትለት።»

አንድ መስመር ጨመረና እንደገና አስነሳው። አድራሻው አንዴ ብቻ ታተመ። ከሥሩ ሰባት ወጣ።

ዘሙሩድ የምታየውን ለመረዳት ደቂቃም አልፈጀባትም፤ ያናደዳትም እሱ ነው። ትእዛዟ ተዘልላ ቢሆን ኖሮ ሰባት ከየት ይጻፋል? ፔጅ ፎልት ሲነሳ ትእዛዟ ገና አልተፈጸመችም። ፕሮግራም ፈልጎ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አገልግሎት ሲጠይቅ ነው ወደሚቀጥለው ትእዛዝ የሚመለሰው። ያን ጊዜ ቁልፉን በአንድ ማታ ስትጽፍ የአንዱን ምዕራፍ መስመር ወደሌላው አሻግራዋለች።

«ሌሎቹስ የቁልፉን መልስ እንዴት አገኙት?» አለችው፤ መልሱን እያወቀች።

«በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነዋ። የድሮ ፈተና ከነመልሱ ይሸጣል። ሚኒባስ ስነዳ ሳልደርስ ያልቃል።»

ከስልሳ ሁለቱ ስልሳ አንዱ የእሷን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጽፈዋል። ስታርም ክፍሉ ገባው ብላ ደስ ብሏት ነበር።

«እኔ ሦስት ማርክ ነው የምፈልገው ቲቸር» አለ ፈዬራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከየትም አምጪው። ቁልፉ ያንቺ ጣጣ ነው።»

«ኮሪደሩ ላይ ጠብቀኝ።»

ሲወጣ ሌላ ነገር ትዝ አላት። አምና ኢፍቱ የምትባል ልጅ እንዲሁ «ያቺኑ ትእዛዝ» ብላ ጽፋ መጥታ ተከራክራታለች። ዘሙሩድም ወረፋ ስለነበር «ሂጂና አንብቢ» ብላ ሸኝታታለች። ልጅቷ አርባ ስምንት ነበር ያላት። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ አልታየችም።

መምህር ገብረማርያም ቢሮ ውስጥ ማሞቂያ ተለኩሶ የሽቦው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ሰውዬው ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው የሚሠሩት። ጠረጴዛቸው ላይ የውጤት ዝርዝሩ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ዘሙሩድ ለማስተርስ እንድትላክ የሚጽፉላት የድጋፍ ደብዳቤ፣ ተይቦ አልቆ ፊርማ ይጠብቃል። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ወረቀት ነው።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ሳያቋርጡ ሰሙና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጁ ልክ ነው» አሉ።

«ያውቁ ነበር?»

«አሁን ስትነግሪኝ አወቅኩ። ቁልፉን አንብቤ ብፈርም ኖሮማ ያኔ አውቅ ነበር።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አንቺን አምኜ ፈረምኩ፤ አንቺም እኔ አይቼዋለሁ ብለሽ አረፍሽ። በቃ፣ ከላቦራቶሪ ማርኩ ላይ ሦስት ጨምሪለት። ልጁ ያልፋል፣ ሰውም አይነካም።»

«ላቦራቶሪ ላይ ያላገኘውን?»

«ያገኘውን ማርክ እኮ ነው በሌላ መስመር የምትሰጪው። ማርኩ ይገባዋል፣ አይገባውም?»

«ጥያቄ አሥራ አንድ ላይ ነው የሚገባው። አራት።»

«ዘሙሩድ፣ ስለ አራትና ሦስት አታከራክሪኝ።»

ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ ጭምር ጎተታት። አንድ ቁጥር ትቀይራለች፤ ፈዬራ ይመረቃል፤ ደብዳቤው ይፈረማል። በሚቀጥለው ዓመት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያንኑ ስህተት ይሸጣል፤ እሷ ወይም እሷን የሚተካው ሰው ትክክለኛውን መልስ በቀይ ይሰርዛል። እሷም ባወቀችው ስህተት ላይ እየፈረመች ትቀጥላለች። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል።

«ማስታወሻ እጽፋለሁ» አለች። «ስህተቱ የእኔ እንደሆነ። ፈዬራ አራቱን ያገኛል፤ ሌሎቹ ያስተማርናቸውን ስለጻፉ አይቀነስባቸውም። ያለፉት ሁለት ዓመታት ወረቀቶች ደግሞ ይታዩ። አምና የወደቀች ልጅ አለች።»

«አበድሽ?» አሉ፤ ግን አልጮኹም። «በሚቀጥለው ሳምንት ለእውቅና ፈቃድ የሚመረምሩን ሰዎች ይመጣሉ። ሦስት ዓመት የተሳሳተ ፈተና ፈትነናል ብለን በራችን ላይ እንለጥፍ?»

«በር ላይ አይለጠፍም። ከዝርዝሩ ጋር ይያያዛል።»

«ከገባ በኋላ ማን ያነበዋል መሰለሽ? እኔን ነው የሚጠሩኝ። እኔ ስጠራ ስለ አንቺ ምን ልበል?» ደብዳቤውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይህን ፈርሜ፣ በዚያኑ ቀን የአንቺን የስህተት ማስታወሻም ልፈርም? በየትኛው ፊቴ?»

«አይፈርሙ። ደብዳቤውን ማለቴ ነው።»

እስክሪብቶ ከጠረጴዛቸው ላይ አነሳችና ማስታወሻውን ቆማ ጻፈችው፤ ስምንት መስመር ሆነ። ፈረመችበት። ከዝርዝሩ ላይ የፈዬራን አርባ ሰባት ሰርዛ ሃምሳ አንድ አደረገችና ጎኑ ላይ ፈረመች። ሁለቱን ወረቀቶች አያይዛ ፊታቸው ገፋችላቸው።

«ያለ ማስታወሻው የእኔ ፊርማ ዝርዝሩ ላይ አይኖርም» አለች። «ያለ እኔ ፊርማ ደግሞ ስልሳ ሁለቱም ነገ አይለጠፉም።»

«አሁን እኔን ነው የምታስፈራሪኝ?»

«ሰዓቱን ነው የምነግርዎት መምህር። አምስት ከአርባ ሆኗል።»

ኮሪደሩ ላይ ፈዬራ ከአንድ ሰው ጋር በስልክ ስለ ፍሬን ሸራ ዋጋ ሲጨቃጨቅ ይሰማል። መምህር ገብረማርያም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ ማስታወሻውን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ አንድ ቦታ ላይ ቃል አረሙ፤ ከዚያ ሁለቱም ወረቀት ላይ ፈረሙ።

«ይኼን አንብቤ ነው የፈረምኩት» አሉ። ደብዳቤውን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ለዘንድሮ አትጠብቂው። ለከርሞም ቃል አልገባልሽም።»

«እሺ።»

«ተቀየምሽኝ?»

«አዎ» አለች። ዝርዝሩ ላይ እሷም ፈረመች፤ ወረቀቶቹን አቃፊ ውስጥ አስገብታ ብብቷ ሥር ያዘችና ወደ ሬጅስትራር ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።