ሃምሳ አራተኛው ደቂቃ

ደጉ ቴፑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ አዳመጠው። ስልሳ ሁለት ደቂቃ ንግግር ነው። ከዚህ ውስጥ ለሬዲዮ የሚላከው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው።

ደጉ የእስቴ ልጅ ነው፤ መካነ ኢየሱስ ተወልዶ አዲስ አበባ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ መቅዳት የተማረ። በ፲፱፻፷፭ ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ ሁለት መቅጃዎች በበቅሎ ጭኖ ላይ ጋይንት ወጣ። ጎንደር የተሰየመው የዘር እህል ኮሚቴ አራት መቶ ኩንታል የዘር ገብስ አለው፤ የሚበቃው ግን ለአንድ ወረዳ ነው። ማመልከቻው በዝቶ ስላስቸገረ፣ ኮሚቴው ሕዝቡ በገዛ አንደበቱ ሲናገር በሬዲዮው የገበሬዎች ዝግጅት ላይ ሰምቶ እንደሚወስን አስታወቀ። ለየወረዳው የተመደበው ሦስት ደቂቃ ነው።

ለላይ ጋይንት እንዲናገሩ ሰዉ የመረጠው መሪጌታ ቀለመወርቅን ነው። መሪጌታ ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ደብር ዜማ ያስተምራሉ፤ ከትምህርቱ ሲወጡ ሞፈር ይጨብጣሉ። ባለፈው መስከረም ሲያልቅ የወረደው በረዶ የእሳቸውንም ገብስ አልማረም።

ደጉ ያገሩን ወግ ያውቃል። በዚህ አገር ሰው ማዕድ ሲቀርብለት መጀመሪያ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ሁለተኛም እንዲሁ ይላል። «በሞቴ» ተብሎ ሲለመን ነው እጁን የሚዘረጋው። ስለዚህ ስለ ዘሩ መሪጌታን ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው። በዘጠነኛው ደቂቃ ላይ እንዲህ ብለው መለሱ፦

«የጋይንት ሰው ለምኖ አያውቅም። እግዚአብሔር የነሣውን እግዚአብሔር ይመልሳል። ለባሰበት ስጡ።»

በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ሁለተኛ ሲጠይቃቸው ወሬውን ወደ ቅዱሳን ገድል አዞሩት። በሃምሳ አራተኛው ደቂቃ ደጉ «በሞቴ፣ መሪጌታ፣ ዘር አላችሁ ወይ?» አለ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ መጣ፦

«እንግዲህ በሞቴ ካልከኝማ... ዘሩን በልተነዋል። ልጆች ሲያለቅሱ ጎታውን ከፈትነው። በብድር ይስጡን፤ ኅዳር ላይ ከአውድማው ሰፍረን እንመልሳለን። ሰኔ ካለፈ ግን ቢሰጡንም ዘር አይሆንም፣ ቆሎ ነው የሚሆነው።»

ደጉ ንፋስ መውጫ በተከራየው ክፍል ሁለቱን መቅጃዎች በሽቦ አገናኝቶ ቴፑን ገለበጠ። ዋናው አይነካም፤ የሚቆረጠው ግልባጩ ነው። ቴፑ በሰከንድ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ ሦስት ደቂቃ ማለት አሥራ ሰባት ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር ነው። እያንዳንዱን አረፍተ ነገር በሰዓት ለካና በደብተር መዘገበ። የሚቆረጥበትን ቦታ የቴፑን መሽከርከሪያ በእጁ ወዲህ ወዲያ እያዞረ ፈለገ፤ ባገኘ ጊዜ በቢጫ እርሳስ ምልክት አደረገ፤ በምላጭ በሰያፍ ቆርጦ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ በማጣበቂያ ያዘው። ከአረፍተ ነገሩ በፊት ያለውን ትንፋሽ አይቆርጥም። ትንፋሹ የተቆረጠበት ሽማግሌ እንደ ሐራጅ ጠሪ ይጣደፋል።

መጀመሪያ የሃምሳ አራተኛውን ደቂቃ ቃል ብቻ አውጥቶ ሞከረ። እውነት ነው፤ ግን የተናጋሪው እውነት አልሆነም። የሚሰማው ሰው ገና አፉን ሲከፍት ስጡኝ የሚል ነው። ቀጥሎ መልሱን ከዘጠነኛው ደቂቃ ጥያቄ ሥር ሊያስገባው አሰበና ምላጩን አስቀመጠ። ያልተጠየቁትን እንደተጠየቁ፣ ያልመለሱትን እንደመለሱ ማድረግ ይሆናል። በመጨረሻ እንደ አነጋገራቸው ቅደም ተከተል አደረገው፦ የእሱ መግቢያ ሃያ አምስት ሰከንድ፤ የበረዶው ነገር ሃምሳ፤ እምቢታቸው ከነጥያቄው አርባ አምስት፤ ልመናውና መልሱ ሃምሳ አምስት። ከዝምታውም ሦስት ሰከንድ ተወለት፤ ዝምታው ራሱ ንግግር ነበር። መግቢያው ላይ ዘር መጥፋቱን አልተናገረም፤ ኮሚቴው የሚፈልገው የሕዝቡን አንደበት ነውና። ድምሩ ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት ሰከንድ መጣ።

ሳይልከው በፊት መቅጃውን ይዞ መሪጌታ ቤት ሄደ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በሩ ላይ ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር።

«አንድ ሰዓት የለፈለፉትን በሦስት ደቂቃ ጨረስክላቸው?» አሉ። «ምነው ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ የሚያደርግ ሰው በመጣልኝ!»

«ዝም በይ እስቲ፣ እንስማው» አሉ መሪጌታ።

ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ለባሰበት ስጡ» የሚለው ሲመጣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘሩን በልተነዋል» ሲል ዐይናቸውን ከፈቱ።

«ያችን መጀመሪያ ያልኩትን አልቆረጥካትም?»

«አልቆረጥኳትም፣ መሪጌታ።»

«እንዳታወጣብኝ። እሷ ከሌለች ይኸኛውን ማለት አልችልም ነበር።» መቅጃውን እያዩ ጨመሩ፦ «እኔ ነኝ። ትንሽ አሳጠርከኝ እንጂ እኔ ነኝ።»

«እኔን እስከ መጨረሻው አስደርሶኛል፤ ይሂድ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ።

ቴፑ በበቅሎ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በመኪና፣ ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄደ። ደጉ በሣጥኑ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ስምና ርዝመቱን ጻፈ። ሌላ ነገር አልጻፈም። በተመደበለት ሰዓት ልክ የተሠራ ነገር አይቆረጥ የሚል ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው አልመሰለውም።

ዝግጅቱ በግንቦት ሁለተኛው ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተላለፈ። ንፋስ መውጫ ውብነሽ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ሬዲዮ ስላለ ሰዉ ከደጁ እስከ መንገዱ ሞልቷል። መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ደጉ ሰዓቱን በእጁ ይዞ አጠገባቸው ቆመ።

መግቢያው አለፈ። በረዶው አለፈ። «የጋይንት ሰው ለምኖ አያውቅም» ሲል ሰዉ አጉረመረመ። «ለባሰበት ስጡ» ሲል አንዱ «እሰይ!» አለ። ደጉ ሰዓቱን አየ፤ ሁለት ደቂቃ ነው። የራሱን ድምፅ፣ «በሞቴ» የሚለውን ጠበቀ።

ዋሽንት መጣ። ከዋሽንቱ በኋላ አንዲት ሴት ስለ ዶሮ በሽታ ማንበብ ጀመረች።

«አለቀ?» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

ደጉ ዐይኑን ከሰዓቱ አላነሣም።

«አኮሩን!» አለ ከደጅ አንድ ገበሬ። «ለባሰበት ስጡ! እንዲህ ነው እንጂ ያባቴ አገር ሰው!» ሌላው የመሪጌታን እጅ ሳመ። ሰዉ እየተነሳ ይመርቃቸዋል። መሪጌታ ግራና ቀኝ አዩ። ያ ሁሉ ሰው ባለበት «አይደለም፤ ኋላ ለምኛለሁ» ማለት ነበረባቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉት።

ደጉ በነጋታው ወደ ደብረ ታቦር ሄዶ ለዝግጅቱ አለቃ ለአቶ አዳነ ቴሌግራም መታ። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። «ሌላ ማስታወቂያ ረዝሞ ሰዓት አነሰ። ከመጨረሻው ሃምሳ ስምንት ሰከንድ ወረደ። ያለዚያም ንግግሩ ሙሉ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው። አዳነ።»

ደጉ ቴሌግራሙን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ቆራጩ የቆረጠው በዘፈቀደ አይደለም። እሱ ራሱ ቢሆን፣ አገሩን ባያውቅ፣ ሰዓት ቢያንሰው፣ ያው ቦታ ላይ ይቆርጥ ነበር። ሐሳቡ ያለቀ የሚመስለው እዚያ ነው። እንደ አነጋገራቸው እንዲሆን ብሎ ዋናውን ነገር ጅራት ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው።

የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ ዋሴ በግንቦት መጨረሻ ለሥራ ደብረ ታቦር መጡ። ደጉ መቅጃውንና ሙሉውን ቴፕ ተሸክሞ ቢሯቸው ገባ።

«የተላለፈው የሰውዬው ድምፅ አይደለም ወይ?» አሉት።

«ነው፣ ጌታዬ። ግን ከኋላው የቀረ አለ። ሙሉው እዚህ ነው።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ።»

አቶ ዋሴ ሳቁ። «ወንድሜ፣ የሦስት ወረዳ ሰው ደጅ ቆሟል። የፈለግኸውን ብቻ አሰማኝ።»

ደጉ ቁጥሩን እያየ ቴፑን ወደ ሃምሳ አራተኛው ደቂቃ አስኬደና ለቀቀው። አቶ ዋሴ «በሞቴ» የሚለውን ሲሰሙ እጃቸውን አነሱ።

«ይኸ የማነው ድምፅ?»

«የኔ ነው።»

«ስንተኛ ጥያቄህ ነው?»

«ስለ ዘሩ ሦስተኛዬ ነው።»

«ሁለቴ አይሆንም ያለህን ሰው በሞቴ ብለህ አስለወጥከው። እኔም በሞቴ ብባል ቢሮዬን እሰጣለሁ።»

«ጌታዬ፣ ያገሩ ወግ...»

«ወጉንማ አውቃለሁ። ጎንደር ያለው ኮሚቴ ግን ወግ አይደለም የሚጽፈው።» ከፊታቸው ያለውን ወረቀት አዞሩለት። የላይ ጋይንት ሕዝብ ለባሰበት ይሰጥ ብሎ በራሱ አንደበት ስለገለጠ፣ ገብሱ ለእስቴ ተመድቧል ይላል። ማኅተም ተመትቶበታል። «አንተስ የየት አገር ልጅ ነህ?»

ደጉ ማኅተሙን አየ። «የእስቴ።»

አቶ ዋሴ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው መለሱ። ቴፑ መሽከርከሩን አላቆመም፤ መሪጌታ ስለ ጎታው እየተናገሩ ነበር። ደጉ አጠፋው።

ሰኔ በባተ በስምንተኛው ቀን መሪጌታ ቤት ደረሰ፤ ሲመጣ ባዩት ጊዜ መሪጌታ በሬዎቹን እንደተጠመዱ ማሳው ላይ ትተው ወጡ። ነገሩን ሁሉ፣ አቶ ዋሴ አገሩን የጠየቁትን ጭምር፣ ሳያስቀር ነገራቸው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አዳመጡና «እናትህ እስቴ ናቸው?» አሉ።

«አዎን፣ እማማ።»

«እንግዲህ ለሳቸው ደረሰ። ተመስገን።» ብለው ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዞሩ።

መሪጌታ ግን መቅጃውን ያዩ ነበር። «ሙሉው አለ?»

«አለ።»

«አሰማኝ።»

ባትሪው ሊያልቅ ነበር፤ ደጉ ከሁለተኛው መቅጃ አምስቱን ባትሪ አውጥቶ ቀየረው። መሪጌታ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ስልሳ ሁለት ደቂቃውን አንድም ቃል ሳይናገሩ ሰሙ። ደጉም አብሯቸው ተቀመጠ። ቴፑ አልቆ ጫፉ መሽከርከሪያው ላይ ሲፈናጠር ቀና አሉ።

«ሁሉንም ብያለሁ እኮ» አሉ።

«ብለዋል፣ መሪጌታ።»

«ምንም ያስቀረሁት የለም።»

«የለም።»

ተነሥተው ደጅ ወጡ። ከቤቱ በታች ያለው ማሳ ሦስተኛ ጊዜ ታርሶ ለዘር ለስልሷል። ዝናቡ ከላስታ በኩል ጠቁሮ ይመጣ ነበር። መሪጌታ ማሳው ዳር ቆመው ጥቂት አዩትና በሬዎቹን ከቀንበሩ ለመፍታት ወረዱ።