ከቦዩ ማዶ የታየው ገበያ

«ምን አልሽ?» አለች አከራይዋ።

ከሱቅ ተከራዮቿ አንዷ የሆነችው ባለመጋረጃዋ ጥያቄዋን ደገመችው፤ በሁለተኛው ላይ ግን ድምጿ ሟሽሾ ወጣ። «መንገዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ኪራዩን በግማሽ እንዲያደርጉልኝ ነው እትዬ። ለዘለቄታው አይደለም። መኪና ማለፍ በጀመረ ማግስት ወደ ቀድሞው እመለሳለሁ። ይኸንኑ በጽሑፍ እንፈራረም።»

ይቺን ለማለት ስንት ጊዜ እደጃፏ ድረስ መጥታ እንደተመለሰች እሷ ናት የምታውቀው። አፍ አውጥቶ መለመን ለሷ ሞት ነው። የተቀመጠችበትን ሳሎን መጋረጃ እንኳ የሰፋው ባሏ፣ የሰቀለችው ራሷ ናት። ዛሬ እዚያው መጋረጃ ሥር ጉልበቷን ገጥማ እንደ ባዳ ቁጭ ብላለች። መንገዱ ከመቆፈሩ በፊት የሸጠችበትንና ከተቆፈረ ወዲህ የሸጠችበትን ደረሰኝ ለይታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። አንዱ ጥቅል ወፍራም ነው፤ ሌላው ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው።

አከራይዋ ደረሰኙን በዓይኗም አልነካችው። «አንቺ?» አለች። «ከተከራዮቼ ሁሉ አንቺ?»

«ምነው እትዬ?»

«ዓይኔ እኮ ገና አልፈሰሰም! ወር በገባ ቁጥር ከቦዩ ማዶ ቆሜ አያለሁ። ያንቺ ቤት ጢም ብሎ ነው የማየው። ወናማ የሆነው የጎረቤቶችሽ ነው። ጸጉር አስተካካዩና ሰዓት ሠሪው እንኳን ገበያተኛ፣ ራሳቸውም ቤታቸው ውስጥ የሉም! ጥፋቱ የመንገዱ ስለሆነ አንጀቴን በልተውት ኪራዩን ግማሽ ካደረግኩላቸው ቆየሁ።»

ባለመጋረጃዋ ክው አለች። ክው ማለት ሲያንስ ነው። ግማሽ? ለነሱ? ከመቼ ጀምሮ?

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳ፣ አለበለዚያ ሰው ያብዳል። መንገዱን የሚያፈርሱት መጥተው ከሦስቱ ሱቆች ፊት ለፊት ሰው የሚውጥ ቦይ ቆፍረው፣ ዳር ዳሩን በቆርቆሮ አጥረው፣ ለመሻገሪያ አንዲት ጣውላ ጣል አድርገው ሄዱ። አከራይዋ ጉልበቷን ስለሚያማት በዚያች ጣውላ አትሻገርም። ወር በገባ ቁጥር ማዶ ቆማ በቆርቆሮው ክፍተት ሱቆቹን ታያለች፤ ኪራይ የገባበትን የባንክ ወረቀት የሚያመጣላት ዘበኛው ነው። ገበያ የራቀውን ተከራይ ደግሞ ውሉን እንደማታድስለት የታወቀ ነው። ከነሱ በፊት የነበረውን ጫማ ሻጭ እንደዚያ ነው ያስወጣችው።

ቶሎ የሚያልቀው ውል የባለመጋረጃዋ ነበር። «አይዞሽ፣ ቤትሽን እኛ እንሞላዋለን» ያላት ጸጉር አስተካካዩ ነው። ከዚያ ወዲያ አከራይዋ ማዶ ብቅ ስትል እሱ ነጭ ገዋኑን አውልቆ፣ ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ ደግሞ ሚስቱን አስከትሎ እሷ ቤት ዘው ይላሉ። ጨርቁን ይዘረጋሉ፣ ይከራከራሉ፣ ማዶ እንዲታይ እጃቸውን ያወራጫሉ። እንዴት ያለ ትያትር መሰላችሁ! አንድ ቀን ሽማግሌው ተናዶ የሚወጣ ገዢ መስሎ በሩ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ባለመጋረጃዋ ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችው።

አሁን፣ አከራይዋ ሳሎን ተቀምጣ፣ ነገሩ ገባት። የራሳቸውን ቤት ባዶ አድርገው የሷን ሲሞሉ፣ ባዶነቱ ለነሱ ምሕረት አመጣ፣ ሙላቱ ለሷ መዘዝ!

«ለኔ ግን አልነገሩኝም» አለች እንደ ምንም።

«ለማንም ትንፍሽ ብትሉ ይሰረዛል ብያቸው ነው። ለሦስተኛ ሰው ልቀንስ ብል የባንክ ዕዳዬን በምን ልከፍል? ቤቱን በብድር እንደሠራሁት ታውቂያለሽ። እንዲያውም ያንቺ ውል ሲታደስ ትንሽ ልጨምርበት ነበር ያሰብኩት።»

ጭማሪ! ባለመጋረጃዋ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልታያትም።

«እትዬ፣ ያዩዋቸው ሰዎች ገዢዎች አይደሉም። ባዶ እንዳይመስልብኝ እንዲገቡልኝ የማደርጋቸው ናቸው።» የማንንም ስም አላነሳችም።

«ወይ ያኔ ዋሽተሽኛል፣ ወይ አሁን እየዋሸሽኝ ነው። የቱን ልመን?» አለች አከራይዋ። «ነገ ጉልበቴ ቢበጠስም በጣውላው ተሻግሬ በገዛ ዓይኔ አያለሁ። ባዶ ከሆነ እንነጋገራለን። ከሞላ ግን ቅናሹ ቀርቶ ውሉንም እርሺው።»

ቤቷ ስትገባ ባሏ ሥራ ከፈታው የስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብሏል። ሁሉንም ነገረችው። እሱም በድንጋጤ አንድ ጊዜ ተነሳ፣ አንድ ጊዜ ተቀመጠ።

«በይ ሂጂና ነገ እንዳይመጡ ንገሪያቸው» አላት።

«ዓይናቸውን አላይም!»

«ኧረ ተይ አንቺ ሴት፣ ይኼ የኩርፊያ ሰዓት አይደለም።»

«ግማሽ እየከፈለ አይዞሽ የሚለኝን ሰው ምን ብዬ ላናግረው? ማዶ ብቅ የምትለው ወር ሲገባ ብቻ ነው፤ ነገ ማን ይጠብቃታል? አይመጡም።» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልቧ ቆስሏል፣ የቆሰለ ልብ ደግሞ ምክር የት ይሰማል።

በማግስቱ ሱቋን ከፈተች፣ አቧራዋን ጠረገች፣ ከባንኮኒዋ ኋላ ተቀመጠች። ነጋዴ ሆና ከተፈጠረች ጀምሮ ለምናው የማታውቀውን ለመነች፦ ዛሬን፣ ዛሬን ብቻ፣ ማንም ደጄን አይርገጥ። ጸሎቷም የሰመረ መሰላት። ውጭ ከመቆፈሪያው መኪና ጩኸት በቀር ኮሽ የሚል የለም።

ረፋዱ ላይ አከራይዋ ማዶ ታየች። ዘበኛው እጇን ይዞ በጣውላው ላይ አንድ አንድ እግር እያስነሳት መጣች። ባለመጋረጃዋ እፎይ ልትል ትንፋሿን ስትስብ፣ ጎን ያለው የጸጉር ቤት በር ጓ ብሎ ተከፈተ።

«መጣችልሽ! ያውም እየተሻገረች ነው!» አለና ጸጉር አስተካካዩ ዘሎ ገባ። ከጥድፊያው የተነሳ ገዋኑን ማውለቅ ረስቷል። በዚያ ላይ ሰው ይብዛ ብሎ ከወንበር ላይ ያስነሳውን ደንበኛ እጁን ጎትቶ አምጥቶታል፤ የሰውዬው አንድ ጉንጭ ተላጭቷል፣ ሌላው አረፋ እንደለበሰ ነው። ሰዓት ሠሪውም ማጉያ መስታወቱን ዓይኑ ላይ እንደሰካ፣ ሚስቱን አስከትሎ ከተፍ አለ።

«ውጡ! ስለ ፈጣሪ ውጡልኝ!» አለች ባለመጋረጃዋ።

«ጎሽ፣ እንደዚያ ተቆጪ፣ ደንበኛ የበዛባት ምሰዪ» አላትና ጸጉር አስተካካዩ አንድ ጥቅል ጨርቅ ዘረጋ። «የዚህ ሜትሩ ስንት ነው?»

አከራይዋ በሩ ላይ ቆማለች።

ባለመጋረጃዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አለቀ፣ አለች በልቧ፣ አበቃልኝ። አከራይዋ ከማዶ ጀርባውን ብቻ ስታየው የከረመችውን ገበያ አሁን ፊት ለፊት አንድ በአንድ አየችው። ዓይኗ ከማጉያው ወደ ነጩ ገዋን፣ ከገዋኑ ወደ አረፋው ሄደ።

«እሳቸውም መጋረጃ ሊገዙ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ እንኳ ጢሜን ልላጭ ነበር የመጣሁት» አለ ባለአረፋው።

«ጉድ!» አከራይዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ባገኘችው ወንበር ላይ ወደቀች። «ጉድ በሉ! የገዛ ተከራዮቼን ከማዶ እያየሁ ገበያው ደራ ስል ከረምኩ? እኔ ሞኟ፣ የእነሱን ቤት ባዶ የማየው ሰዎቹ እዚህ ገብተው ነው?»

ጨርቁ ከጸጉር አስተካካዩ እጅ ሾለከ። ባለመጋረጃዋ ያን ጊዜ ፈነዳች። «አንተስ? ግማሽ እየከፈልክ ነው አይዞሽ የምትለኝ? እኔ ሙሉውን ለመክፈል ከእህቴ ስበደር ቆመህ ታየኛለህ?»

«እንዳትናገሩ ተባልን» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ከተናገርን ሊሰረዝብን ነው። ለዚህ እኮ ነው ከሁሉ ቀድሜ የምመጣልሽ። ውስጤን ሲበላኝ ነው የከረመው።»

እውነቱን እንደሆነ ፊቱ ያስታውቃል። እሷም አወቀችበት፣ ያም የባሰ አናደዳት።

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ከዓይኑ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «እትዬ» አለ፣ «የሦስታችንም ኪራይ እኩል ነው። ለኛ ለሁለታችን የማሩንን ለሦስት ያካፍሉት። ሁላችንም ሲሶው ይቀነስልን። ከእርስዎ በኩል ከእስከ ዛሬው አንድም ሳንቲም አይጎድልም፣ ባንክዎም አይቆጣም።»

ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው፤ የሚጨምረው ከነሱም ጓዳ ነውና። ሽማግሌው ግን አልተመለሰም። ሁሉም ወደ ጸጉር አስተካካዩ ዞሩ። የገዋኑን አዝራር ቆለፈና «እሺ፣ ይሁን» አለ።

አከራይዋ ባዶውን መደርደሪያ፣ ሳይሸጥ የከረመውን ጥቅል ጨርቅ ዞራ ዞራ አየች። ቁጣዋ ገና አልወረደም፣ ግን ከድንጋጤው ጋር ተደባልቆ ሳቅ ሳቅ ይላታል። «ነገ ሦስታችሁም ምስክር ይዛችሁ ኑ። እንዲህ ያለው በቃል አይሆንም፤ መንገዱ ለመኪና እስኪከፈት ተብሎ ይጻፋል። ያንቺንም ውል ያለ ጭማሪ አድሰዋለሁ። ግን ሁለተኛ ትያትር ብትሠሩብኝ!»

ባለመጋረጃዋ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ጨርቅ ትጠቀልል ጀመር።

ልክ ያን ጊዜ ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ ሴት በሩ ላይ ብቅ አለች። «የሳሎን መጋረጃ ፈልጌ ነበር።»

«አንቺ ደግሞ የማናቸው ዘመድ ነሽ?» አለች አከራይዋ።

«ኧረ የማንም አይደለሁም!» አለች ሴትዮዋ ደንግጣ፣ ባለአረፋውን ገላምጣ። «ወር ገብቶ ደሞዝ በወጣ ቁጥር ልገዛ እመጣለሁ፤ ማዶ ሆኜ ሳይ ግን ቤቱ ሁልጊዜ በሰው ጢም ያለ ነው። ይኼን ሁሉ ወረፋ ማን ይጠብቃል እያልኩ ከጣውላው ስመለስ ከረምኩ። ዛሬም እንደሞላ ነው፣ ግን አንዴ ተሻግሬያለሁ፣ መቼስ ምን አደርጋለሁ፣ እጠብቃለሁ።»