አንድ ቃል በአንድ ፊደል

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እስራኤል አገር ግቫት ጺዮን በሚባል ሰፈር ባለ ሚክላት ተቀምጬ ለሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሚክላቱ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲረን ሲጮህ የምንወርድበት የምድር ቤት መጠለያ ነው። ሲረን በሌለበት ቀን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተርና ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተር ተሰጥቶኝ የአማርኛ ጸሐፊ እባላለሁ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ባርኔአ በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን ቤት ሽማግሌ አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። የሚክላቱን ደረጃ ስወርድ ወገቤ አልቆለት ነው የምወርደው። በጎ ፈቃደኛ ይሉኛል። ፈቃዱስ አለኝ፤ በጎነቱ ግን እንደ ቀኑ ነው።

ጎንደር ሳለሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ከዚያ የቀረኝ አንድ አመል ነው፤ የተዘበራረቀ ፊደል ሳይ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአፋችን አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ለእናቱ የሚጽፍ እንዳሻው ይጻፍ፤ እናት ፊደል አትቆጥርም። ለመሥሪያ ቤት የሚገባ ማመልከቻ ግን ከላይ "ዓመት" ብሎ ታች "አመት" ካለ፣ ጸሐፊው ግዴለሽ ነው ወይም ሁለት ሰው ጽፎታል ያሰኛል። አንዱን መርጦ እስከ ፊርማው በዚያው መዝለቅ ነው። እኔ የመረጥሁትን በደብተር ይዣለሁ፤ ሥራ በንጉሡ ሠ፣ ሕግ በሐመሩ ሐ፣ ኃላፊ በብዙኃኑ ኀ፣ ዓመትና ዓለም በዐይኑ ዐ። አንድ ቃል በአንድ ፊደል። ቀልድ የለም።

ባለፈው ማክሰኞ እትዬ ማሬ መጡ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ሃያውን ደረጃ ሲወርዱ ሰባት ጊዜ ቆመዋል፤ ቆጥሬአለሁ። ልጃቸው አለምነሽ ጎንደር ቀርታለች። እናትና ታናናሾቿ እስራኤል ሲገቡ እሷ ባል አግብታ ስለ ነበር አልተፈቀደላትም። አሁን ባሏ ሞቷል፤ ፋይሏ እንደገና ተከፍቷል። የእናትና የልጅ ዝምድናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከጎንደር ካልመጣ ግን አንድ ርምጃ አይሄድም። ያንን ወረቀት የሚጠይቀውን ማመልከቻ በእናትየው ስም የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ባለፈው መጋቢት።

እትዬ ማሬ ቁጭ እንኳ ሳይሉ ስልካቸውን ዘረጉልኝ። አለምነሽ ፎቶ አንሥታ የላከችው የመሥሪያ ቤቱ መልስ ነበር። በማመልከቻው ላይ የተጠቀሰው የልጅቱ ስም ከመታወቂያዋና ከመዝገቡ ጋር ስለማይመሳሰል ጥያቄውን ለማስተናገድ አልቻልንም ይላል። ማኅተም፣ ፊርማ፣ ቀን። ቀኑ ሚያዝያ ነው። አሁን መስከረም ገብቷል።

"እንዴት እስካሁን ዝም አሉ?"

"ተናድጄ ነዋ! አሁን ደሞ ከሚስራድ ሃፕኒም፣ ከአገር ውስጥ ሚኒስቴሩ፣ ተደውሎ ራዮን ተሰጣት፤ ቃለ መጠይቅ። ከዳሱ በዓል ከሱኮት በኋላ ትጠየቃለች። ወረቀቱ የለም ካለች ፋይሉ ተዘጋ ማለት ነው አለኝ ታናሽ ወንድሟ። ሲሳይነሽ፣ እኔ ሌላ አምስት ዓመት የምጠብቅ ይመስልሻል?"

አይመስለኝም ነበር። አላልኋቸውም።

"የእነሱ ሥራ ነው፤" አልሁ፤ "አንድ ሰነፍ ጸሐፊ በደንብ ሳያነብ መልሶት ነው።" ይህን ስል ደስ አለኝ። ሲደክመኝ ሰው መውቀስ ያሳርፈኛል። መዝገቡን ላገላበጠው፣ ስሙን እንኳ ለማላውቀው ሰው አንድ ሁለት ስድብ ጨመርሁለት፤ እትዬ ማሬም አሜን እያሉ አገዙኝ።

ከዚያ የመጋቢቱን ማመልከቻ ከኮምፒዩተሩ ከፈትሁ። አጠገቡ የአለምነሽን መታወቂያ ፎቶ ዘረጋሁ። መነጽሬን አጥልቄ ከላይ ጀመርሁ። ጉዳዩ፣ በቦታው። ሥራ፣ ሦስቱም በሠ። ኃላፊ፣ ሁለቱም በኀ። "ባለቤቷ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ" ይላል፤ ንጹሕ። እንዲያውም ኮራሁ። ቀጥሎ ስሟ መጣ። "ዓለምነሽ" ይላል። ታች ደግሞ "ዓለምነሽ"። አራት ቦታ፣ አራቱም አንድ ዓይነት፣ አራቱም በዐይኑ ዐ። መታወቂያዋ ላይ አለምነሽ ነው፤ በአልፋው አ።

እንዴት እንደ ሆነ ወዲያው ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ስሟን ከመታወቂያው ላይ በትክክል ነበር የገለበጥሁት። መጨረሻ ላይ ሳነበው "ከዚህ አለም በሞት" ብዬ በአ ጽፌ አገኘሁት። ያን ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከወንበር ተንሸራቶ ሁለት ሆነን አንሥተነዋል፤ ክንዴ ዝሎ ነበር። አንድ በአንድ መፈለግ ሰለቸኝ። ኮምፒዩተሩ አንዱን ቃል ካለበት ሁሉ ለቅሞ የሚቀይርበት ነገር አለው፤ "አለም"ን በ"ዓለም" ቀይር አልሁት። ቀየረ። ስሟንም አብሮ ቀየረ። ደግሜ አየሁት እኮ! አየሁትና ዐይኔ አለፈው፤ ምክንያቱም ለእኔ ዓለም እንደዚያ ነው የሚጻፈው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆችን፦ ቃሉን አንድ አድርጉ፣ የሰው ስም ግን ባለቤቱ እንደ ተመዘገበበት ይቀመጣል፣ አትንኩት፣ ስል የኖርሁ ሴት የሰው ስም አረምሁ።

ሊኖር ከደረጃው ራስ ቁልፍ አንቀጫቀጨች። ሚክላቱን የምታስተዳድረው ልጅ ናት፤ እዚሁ የተወለደች፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መቆለፍ አለባት።

"ሲሳይነሽ፣ አኒ ሶገሬት፣ ልዘጋ ነው! ምን ችግር አለ?"

"ስም ነው። በአ መሆን ሲገባው በዐ ተጽፏል።"

ወርዳ ሁለቱን አየች። "ዜ ኦቶ ዳቫር፣ ሎ?" አለችኝ። አንድ አይደለም ወይ ማለቷ ነው። በዕብራይስጥ የአለምነሽን ስም የሚጽፈው ሁሉ እንደ ሰማው ነው የሚጽፈው፤ ማን ምን አለው። አሥር ደቂቃ ጠይቄ መለስኋት።

እውነቱን ልናገር። አሥሩን ደቂቃ የጠየቅሁት ለመደበቅ ነበር። እትዬ ማሬ ማንበብ አይችሉም። አራቱን ፊደል እመልሳለሁ፣ አትማለሁ፣ ይፈርማሉ፣ ይልኩታል፤ ጥፋቱ ጎንደር ላለው ጸሐፊ ይቀራል። ማንም አያውቅም። ሰው የሚያምነኝ በዚህ ጽሑፌ ብቻ ነው፤ በሌላው ነገርማ እዚህ አገር ሽማግሌ የማጥብ ሴት ነኝ። አራቱንም አንድ በአንድ መለስኋቸው። ልቤ ግን ጥሩ አልነበረም።

"በቃ ተስተካከለ፤" አልሁ። "እነሱ በትንሽ በትልቁ ያስቸግራሉ።"

እትዬ ማሬ አሁን ተቀመጡ። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እኔ እሷ ናት ብዬ ነበር፤" አሉ።

"ማን?"

"አለምነሽ ናታ። ያን ወረቀት የላከችልኝ ለት ደወልሁላት። ስምሽን እንኳ በወጉ ማስመዝገብ ያቃተሽ፣ ባልሽ ቤት ገብተሽ ስም ቀየርሽ ወይ፣ ለአገር መግቢያ ሌላ ስም አወጣሽ ወይ አልኋት። ውሸታም አልኋት። እማዬ፣ ስሜ ያው ነው፣ መዝገቡም ያው ነው እያለች አለቀሰች። ዘጋሁባት። ከፋሲካው ከፔሳኽ ወዲህ አልተነጋገርንም። ራዮኑንም የነገራት ታናሿ ነው።"

ከፔሳኽ እስከ መስከረም። ስድስት ወር ሊሆነው ነው። ጎንደር ላለው ሰው ያወረድሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ መረረኝ።

ፕሪንተሩ ወረቀቱን ማኘክ ጀመረ። አጠፋሁት።

"እትዬ ማሬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

አዩኝ።

"አለምነሽ ስሟን አልቀየረችም። ስሟን የቀየርሁት እኔ ነኝ፤ ማመልከቻው ላይ። መታወቂያዋ በአንዱ ፊደል ነው፤ እኔ ሌላውን ቃል አንድ አደርጋለሁ ብዬ እሷንም አብሬ ለወጥሁ። ጸሐፊው በትክክል ነው የመለሰው። አሁንም ዝም ልልዎት ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ይጮሃሉ ብዬ ነበር፤ ቢጮሁ ይቀለኝ ነበር። ስልካቸውን አውጥተው ከብዙ ስም መካከል የልጃቸውን ፎቶ ፈለጉ። ሚክላት ውስጥ መስመር የለም። ተነሡና ደረጃውን ጀመሩ። ክንዳቸውን ልይዝ ብል እጃቸውን ሳቡ። ሃያውን ደረጃ ከኋላቸው ቆሜ እየጠበቅሁ፣ ቆሜ እየጠበቅሁ ወጣሁ። ውጭ የባሕሩ ንፋስ አሸዋ ያመጣ ነበር። ሊኖር ቁልፏን ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ ፊታችንን አይታ ከመንገዳችን ዞር አለች።

ሁለት ጊዜ ደወሉ፤ አልተነሣም። በሦስተኛው ተነሣ። እትዬ ማሬ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጉ።

"ንገሪያት።"

"አለምነሽ፣" አልሁ፤ "ሲሳይነሽ እባላለሁ። የእናትሽን ማመልከቻ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስምሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያንቺ ምንም ጥፋት የለበትም። አሁን አስተካክዬዋለሁ።"

ከወዲያ ማዶ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ልጅ ይጣራል።

"እናቴ ትሰማለች?" አለች አለምነሽ።

"ይሰማሉ።"

"እማዬ፣ ስሜ ያው ነው ብዬሽ ነበር።"

እትዬ ማሬ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። "ብለሽኛል፤" አሉ። ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ሳቡ። "ብለሽኛል፣ ልጄ። አላመንሁሽም።"

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልሰማሁም፤ መስማትም አልነበረብኝ። ወርጄ ፕሪንተሩን ከፈትሁ፤ የታኘከውን ወረቀት ጎትቼ አወጣሁ። ስሟን ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁ፤ በጣቴ እየነካሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አተምሁት። እንደገና አስተያየሁት። ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል፤ መቀመጥ ግን ያሳፍር ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ስወጣ እትዬ ማሬ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ጨርሰዋል። ሊኖር እስክሪብቶ አቀበለቻቸው። ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ኡልፓን፣ የመጤዎች የዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ፣ ባስተማራቸው ሦስት የዕብራይስጥ ፊደል ፈረሙ። ማመልከቻውን አጥፈው ከደረታቸው ሥር አስገቡ። ምስጋና አልጠበቅሁም፤ አልመጣምም።

"ሐሙስ እመለሳለሁ፤" አሉኝ ሳያዩኝ። "ለሚስራድ ሃፕኒምም የሚጻፍ አለ።"

"ሌላ ሰው ቢያጽፉ አይሻልም?" አልሁ። ከልቤ ነው።

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው መንገድ ጀምረው ነበር። ቆሙ፤ ጉልበታቸውን አሳረፉ።

"ሌላ ሰው የለኝም፤" አሉ። "አንቺው ጻፊው።"